የወልወልን ሁለት ቃል በአንድ ወረቀት ላይ ስለ ማቅረብ

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ውስጥ የ11ኛ ክፍል ታሪክ አስተምራለሁ። ስለ ወልወል ግጭት የኢትዮጵያንና የጣሊያንን መግለጫ ጎን ለጎን አትሜ ‹የትኛው እውነት ነው? ለምን?› ብዬ ጠየቅኩ። ከ58 ተማሪ ሁሉም ማለት ይቻላል ‹የኢትዮጵያ፤ ምክንያቱም ጣሊያን ወራሪ ነው› ብለው ጻፉ። ዜሮ መስጠት አልቻልኩም፤ ሙሉ ነጥብ መስጠትም አልቻልኩም። ጥያቄውን እንዴት ልጻፈው?»

ምላሽ፦

ተማሪዎችዎ የተጠየቁትን በትክክል መልሰዋል። የትኛው እውነት እንደሆነ ሲጠየቁ ወረቀቱን ማንበብ አላስፈለጋቸውም፤ መልሱን ከቤት ይዘውት መጥተዋል። አንድ የምንጭ ጥያቄ ከመታተሙ በፊት እኔ የማደርግለት ቀላል ፍተሻ አለ፤ አንዱን ምንጭ በመዳፌ እሸፍንና ጥያቄውን ለመመለስ እሞክራለሁ፤ ቀጥሎ ሌላውን እሸፍናለሁ፤ በመጨረሻም ሁለቱንም። በሁለቱም ላይ መዳፌን ጭኜ መመለስ ከቻልኩ ጥያቄው የታሪክ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የአቋም ጥያቄ ሆኗል ማለት ነው። የእርስዎ ጥያቄ በዚህ ፍተሻ አያልፍም። ምንጮቹ ግን ጥሩ ምርጫ ናቸው፤ ስለዚህ ወልወልን ሳንለቅ ጥያቄውን ከሥሩ እንሥራው።

ወልወል ለዚህ ሥራ የሚመችበት ምክንያት ሁለቱ ወገኖች የሚለያዩበት ስፍራ ጠባብ መሆኑ ነው። የእንግሊዝና የኢትዮጵያ የድንበር ኮሚሽን የግጦሽ ቦታዎችን እያጠና ከኢትዮጵያውያን አጃቢዎቹ ጋር ህዳር 14 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን በረሃ ወዳሉት የወልወል የውሃ ጉድጓዶች ደረሰ። ጉድጓዶቹን የጣሊያን ጦር ሥር ያሉ፣ ዱባት የሚባሉ ሶማሌ ወታደሮች ይዘዋቸው ነበር። ሁለት ቀን ከተጨቃጨቁ በኋላ ኮሚሽነሮቹ አዶ ወደተባለው ቦታ ፈቀቅ አሉ፤ አጃቢው ጦር ግን እዚያው ቀረ። ሁለቱ ጦር ፊት ለፊት ተፋጥጦ ሰነበተና ህዳር 26 ቀን ተኩስ ተከፈተ። እስከዚህ ድረስ አዲስ አበባም ሮምም አይካካዱም። ስለ ግጭቱ በዋናነት የሚካካዱት በሁለት ነገር ነው፤ የመጀመሪያውን ጥይት ማን ተኮሰ? ቦታውስ የማን ነበር? አንድ የምንጭ ጥያቄ ጥሩ የሚሆነው ተማሪው ይህን ጠባብ ስፍራ ራሱ ፈልጎ እንዲያገኝ ሲያደርገው ነው። ብዙ መምህራን ልዩነቱን ራሳቸው ነግረው ፍርዱን ብቻ ለተማሪው ይተዋሉ። እኔ ደግሞ ልዩነቱን መፈለጉ የሥራው ትልቁ ክፍል ነው ባይ ነኝ፤ ፍርዱ ለ11ኛ ክፍል ቀርቶ ለሀገራት ጉባኤም ከብዶ እንደነበር ወደ ኋላ እናየዋለን።

በመጀመሪያ ምንጮቹን እንቁረጥ። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሐረር ሳስተምር ይህንኑ ርዕስ ይዤ ፈተና ባወጣሁ ጊዜ የኢትዮጵያን ቃል ግማሽ ገጽ፣ የጣሊያንን ቃል ሦስት መስመር አድርጌ አሳተምኩ። ሆን ብዬ አልነበረም፤ የጣሊያኑ አሰልቺ የዲፕሎማሲ ቋንቋ ስለሆነብኝ አሳጠርኩት። ፈተናው ሲመለስ አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ጣሊያኑን አፉን ይዘውታል እኮ» አለኝ። ልጁ ልክ ነበር። ርዝመት ራሱ ይመሰክራል፤ አጭር የተቆረጠ ወገን የሚደብቀው ነገር ያለው ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ምንጮች ከ60 እስከ 80 ቃላት ባለው መጠን አቀራርቤ እቆርጣለሁ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁለቱም ስለ አንድ ነገር የሚናገሩበትን አንቀጽ እመርጣለሁ። አንዱ ስለ ጥይቱ፣ ሌላው ስለ ካሳው የሚያወራ ከሆነ አልተጋጩም፤ ጎን ለጎን ቢታተሙም እየተላለፉ ነው።

በእጅዎ ያለው ሰነድ ረጅምና የተተረጎመ ከሆነ በራስዎ ቃል ማሳጠር ይችላሉ፤ ግን ከራስጌው «ከሰነዱ ተጠቃሎ የቀረበ» ብለው ይጻፉ፤ የትምህርተ ጥቅስ ምልክትም አያድርጉበት። ተማሪው የእርስዎን ቃል የሚኒስትር ቃል አድርጎ ከጠቀሰ ጥፋቱ የእርስዎ ነው። እኔ የምጠቀምባቸው ሁለት ማጠቃለያዎች ይህን ይመስላሉ።

ምንጭ 1። የኢትዮጵያ መንግሥት አዲስ አበባ ለሚገኘው የጣሊያን ሌጋሲዮን ካቀረበው ተቃውሞ ፍሬ ነገር፤ ህዳር 27 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ከግጭቱ ማግስት። ወልወል የኢትዮጵያ መሬት ነው። ጦራችን የድንበር ኮሚሽኑን አጅቦ በሀገሩ ላይ ሰፍሮ ሳለ የጣሊያን ጦር ምንም ምክንያት ሳይሰጠው ተኩስ ከፈተበት፤ አውሮፕላንና ብረት ለበስ መኪናም አሰለፈበት። አጃቢው የተኮሰው ራሱን ለመከላከል ነው።

ምንጭ 2። የጣሊያን መንግሥት ለኢትዮጵያ መንግሥት ካቀረበው ጥያቄ ፍሬ ነገር፤ ታኅሣሥ 2 ቀን 1927 ዓ.ም.። ወልወል ለዓመታት በእኛ ጦር የተያዘ ቦታ ነው። የኢትዮጵያ ጦር በድንገት ጥቃት አድርሶብናል፤ የእኛ ወታደሮች የተኮሱት ራሳቸውን ለመከላከል ነው። ስለዚህ የሐረር አገረ ገዥ ደጃዝማች ገብረማርያም በአካል ወልወል መጥተው ይቅርታ ይጠይቁ፤ የኢትዮጵያ ጦር ለጣሊያን ባንዲራ ሰላምታ ይስጥ፤ 200,000 ማርትሬዛ ብር ይከፈል፤ ጥፋተኞቹም ይቀጡ።

እነዚህ ማጠቃለያዎች ስለሆኑ ከራስጌያቸው ጋር እንኳ ከ60 ቃላት ያንሳሉ፤ በርዝመት ግን የተቀራረቡ ናቸው። የደጃዝማች ገብረማርያምን ስም እንዳያወጡት እመክራለሁ። የእኛ አካባቢ ልጆች ስሙን የሚያውቁት አዲስ አበባ ውስጥ በስማቸው ከሚጠራው ሊሴ ትምህርት ቤት ነው፤ የሐረር ገዥ እንደነበሩና ጣሊያን ይቅርታ እንዲጠይቁ የፈለገው በኦጋዴን በረሃ ውስጥ እንደነበር ሲያነቡ ወረቀቱን ቀና አድርገው ይይዙታል። ከዚህ በላይ ጥቅም ያለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ምንጭ 2 የተፈጸመውን ብቻ ሳይሆን የተፈለገውንም ይነግረናል። ወደዚህ እንመለሳለን።

ስለ ራስጌው መስመር ጥቂት ልበል፤ ብዙ ጊዜ ፈተናው የሚበላሸው እዚያ ነውና። ራስጌው ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ ለምን ዓላማ እንደጻፈው በአንድ መስመር መናገር አለበት። ጸሐፊው ታማኝ ነው ወይም አይደለም የሚል ቅጽል ግን ሊኖርበት አይገባም፤ «የወራሪው የጣሊያን መንግሥት መግለጫ» ብለው ከጻፉ ልጆቹ ያንኑ ገልብጠው ይሰጡዎታል። ሌላው ወጥመድ የቀን አቆጣጠር ነው። አንድ ጊዜ ምንጭ 1ን በኢትዮጵያ፣ ምንጭ 2ን ከውጭ ሰነድ እንዳገኘሁት በአውሮፓ አቆጣጠር ትቼው ነበር። ከተማሪዎቹ ጥቂት የማይባሉት «ምንጮቹ በቀኑ አይስማሙም፤ አንዱ ህዳር 26 ቀን 1927፣ ሌላው ዲሴምበር 5 ቀን 1934 ይላል» ብለው ጻፉ። አንድ ቀን መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ እነሱ ግን ወረቀቱ ያላቸውን ነው ያመኑት፤ ነጥብ ልነፍጋቸው አልቻልኩም። አሁን ሁለቱንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር አደርጋለሁ፤ የሰዓት ቁጥር ካለም ከቀኑ ስንት ሰዓት እንደሆነ በእኛ አቆጣጠር እለውጠዋለሁ። የሟቾችን ቁጥር ደግሞ ጭራሽ አወጣለሁ። ወገኖቹ በቁጥር መለያየታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ቁጥር ካለ ተማሪው ዓይኑን እዚያ ላይ ተክሎ «አንዱ ይህን፣ አንዱ ያን ይላል» ብሎ ያበቃል፤ ከጥይቱ ጉዳይ ጋር ሳይገናኝ ነጥቡን ይዞ ይሄዳል።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ እንሂድ። እኔ አራት አደርጋለሁ፤ ቅደም ተከተላቸው ግን ከቁጥራቸው ይበልጣል።

የመጀመሪያው «ምንጭ 1 እና ምንጭ 2 የሚስማሙባቸውን ሁለት ነገሮች ጻፉ» የሚል ነው፤ 2 ነጥብ። ሲጋጩ ያመጣናቸውን ምንጮች በመስማማት መጀመር እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሥራው ግን የልጁን እጅ ከፍርድ ላይ ማንሳት ነው። መስማማታቸውን ለመፈለግ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ማንበብ አለበት፤ ሲያነብም ሁለቱም ወገኖች ግጭት መኖሩን፣ ቦታው ወልወል መሆኑን፣ ሁለቱም «ራሴን ለመከላከል ተኮስኩ» የሚል አንድ ዓይነት ቃል መጠቀማቸውን ያገኛል። ይህ የመጨረሻው ነገር ልጆቹን ያስደንቃቸዋል። ሁለት ተጣይ በአንድ ቃል ሲሟገት በቀበሌ ሽምግልና ላይ ያላየ ልጅ እዚህ አካባቢ አይገኝም፤ በመንግሥታት መካከል ግን ይኖራል ብሎ አልጠበቀም።

ሁለተኛው «ስለ ግጭቱ አጀማመር ሁለቱ ምንጮች የሚለያዩበትን አንድ ነጥብ፣ ከሁለቱም ምንጮች ማስረጃ እየጠቀሳችሁ ግለጹ» የሚል ነው፤ 3 ነጥብ። «ስለ ግጭቱ አጀማመር» የሚለውን ሐረግ አያውጡት። እሱ ከሌለ ተማሪው «ምንጭ 2 ስለ ብር ያወራል፣ ምንጭ 1 አያወራም» ብሎ ይመልሳል። አንዱ ተናግሮ ሌላው ዝም ያለበት ነገር ልዩነት እንጂ ግጭት አይደለም፤ ግጭት የሚባለው ሁለቱ ቃል አብረው እውነት ሊሆኑ የማይችሉ ሲሆኑ ነው። «የጣሊያን ጦር መጀመሪያ ተኮሰ» እና «የኢትዮጵያ ጦር በድንገት አጠቃን» አብረው አይቆሙም። ይህን ልዩነት በሰሌዳ ላይ አንድ ጊዜ በጠመኔ መሥራት ከፈተናው በፊት ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ ካልተሠራ ግን ሁለተኛውን ጥያቄ ከክፍሉ ግማሹ ይሳሳተዋል። በማረሚያ መመሪያው ላይም በግልጽ ይጻፉት፤ ከሁለቱም ወገን ቃል ጠቅሶ የማይታረቁበትን ያሳየ 3፤ ከአንዱ ብቻ የጠቀሰ 1፤ ዝምታን ግጭት ያደረገ 0።

ሦስተኛው ጥያቄ እርስዎ «ለምን?» ብለው በአንድ ቃል የጠየቁት ነው፤ እኔ እንዲህ አሰፋዋለሁ፦ «ከየምንጩ ራስጌ የምታገኙትን መረጃ በመጠቀም፣ የእያንዳንዱ ምንጭ ጸሐፊ ግጭቱን በዚህ መልክ ያቀረበበትን ምክንያት አብራሩ።» 4 ነጥብ፤ ሁለት ለምንጭ 1፣ ሁለት ለምንጭ 2። ነጥቡን እኩል መክፈሉ ዋናው ብልሃት ነው። ተማሪው የጣሊያንን ዓላማ ብቻ ጽፎ ከ2 በላይ አያገኝም፤ የኢትዮጵያ መንግሥትም ዓላማ እንደነበረው ማሰብ ይገደዳል። ይህ የሀገርን ቃል ማራከስ መስሎ የሚከብዳቸው መምህራን አሉ። እኔ አይከብደኝም፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ህዳር 30 ቀን፣ ማለትም ከግጭቱ በአራት ቀን ውስጥ፣ በ1928 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከጣሊያን ጋር የተፈራረመው ውል በሚያዝዘው መሠረት ጉዳዩ ለግልግል ዳኝነት ይቅረብ ብሎ ጠይቋል። ለዳኛ ሊያቀርብ የሚሻ ሰው አቤቱታውን እንደ ተበዳይ አጥርቶ፣ መሬቱ የማን እንደሆነ ከመጀመሪያው መስመር አስገብቶ ይጽፋል። ዓላማ መኖሩ ውሸታም አያደርገውም፤ ቃሉን ግን ቅርጽ ይሰጠዋል። ተማሪው ይህን በኢትዮጵያ ሰነድ ላይ መናገር ከቻለ በጣሊያን ሰነድ ላይም የሚናገረው ከስድብ ያለፈ ይሆናል።

በዚህ ጥያቄ ላይ ያረምኳቸውን መልሶች የሚመስሉ ሁለት መልሶች ጎን ለጎን ልስጥ፤ ነጥብ የት እንደሚለያይ ይታያል። አንደኛው፦ «ምንጭ 2 የጣሊያን ስለሆነ ያዳላል። ምንጭ 1 የኢትዮጵያ ስለሆነ እሱም ያዳላል። ስለዚህ ሁለቱም አይታመኑም።» ይህ መልስ ሚዛናዊ ይመስላልና ብዙ መምህር 4 ይሰጠዋል። እኔ 1 እሰጠዋለሁ። ተማሪው ከምንጩ ውስጥ አንድም ቃል አላነሣም፤ የጸሐፊውን ዜግነት ብቻ አይቶ ፈርዷል፤ ይኸው ዓረፍተ ነገር ለአድዋም ለማይጨውም ሳይነካ ይሠራል። በመዳፍ ሲሸፈን የማይወድቅ መልስ ነው። ሁለተኛው፦ «ምንጭ 2 የተጻፈው ከግጭቱ ስድስት ቀን በኋላ ሲሆን ስለ ተኩሱ በአጭሩ ተናግሮ አብዛኛውን የሚያወራው ስለ ይቅርታ፣ ስለ ባንዲራና ስለ ካሳ ነው። ካሳ ለመጠየቅ ደግሞ መጀመሪያ ተጠቃሁ ማለት ያስፈልጋል።» ለምንጭ 2 የተመደበው ሁለቱም ነጥብ ይገባዋል። ልጁ ጥርጣሬውን ያገኘው ከሰነዱ ቅርጽ ነው፤ የትኛው ነገር ስንት መስመር እንደወሰደ ቆጥሯል። ወገንተኝነቱን ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ግድ የለም፤ እኛ የምናርመው ወረቀቱ ላይ ያለውን መንገድ ነው።

አራተኛው ጥያቄ ሦስተኛ ምንጭ ያመጣል፤ እዚህ ላይ ነው ጎበዙ ከመካከለኛው የሚለየው። የኮሚሽኑ የእንግሊዝ ወገን መሪ ሌፍተናንት ኮሎኔል ክሊፎርድ ይባሉ ነበር። ኮሚሽኑ ወልወል በቆየባቸው ቀናት ከጣሊያኑ አዛዥ ካፒቴን ቺማሩታ ጋር ተከራክረዋል፤ የጣሊያን አውሮፕላኖች በሰፈሩ ላይ ዝቅ ብለው መብረራቸውንም ተቃውመዋል። የዚህን ሁለት መስመር ማጠቃለያ ምንጭ 3 አድርገው ያቅርቡና «ምንጭ 3 በምንጭ 1 እና በምንጭ 2 መካከል ያለውን ግጭት ምን ያህል ይፈታል?» ብለው ይጠይቁ፤ 6 ነጥብ። በራስጌው ላይ የሚከተለውን ሳይቀንሱ ይጻፉ፦ «ጸሐፊው ህዳር 14 እና 15 ቀን ወልወል ነበሩ፤ ህዳር 16 ቀን ወደ አዶ ሄደዋል።»

ለተማሪው ወጥመዱ ይህ መስመር ነው፤ የተደበቀ ወጥመድም አይደለም፤ ፊት ለፊት ተጽፏል። አብዛኛው ልጅ «ክሊፎርድ እንግሊዛዊ ስለሆነ አያዳላም፤ ስለዚህ ምንጭ 1 ልክ ነው» ብሎ ይጽፋል። ለዚህ 2 ነጥብ ይበቃል። ተኩሱ የተከፈተው ህዳር 26 ነው፤ ክሊፎርድ ከሄዱ አሥር ቀን ሆኗቸዋል። ገለልተኛ መሆንና ምስክር መሆን ለየቅል ናቸው፤ እሳቸው የመጀመሪያው ነገር ሊኖራቸው ይችላል፤ ስለ ጥይቱ ግን ሁለተኛው የላቸውም። 4 እና 5 ነጥብ የሚያገኘው ይህን ያየ ነው። 6 የሚያገኘው ደግሞ አንድ እርምጃ ጨምሮ፣ ምንጭ 3 ጥይቱን ማን እንደተኮሰ ባይነግረንም ከጥይቱ በፊት የነበረውን ሁኔታ፣ ጣሊያን በቦታው ጦር እንደነበራትና አውሮፕላን እንደምታሰማራ ያረጋግጣል፤ ስለዚህ ግጭቱን በከፊል ያበራል እንጂ አይፈታም ብሎ የጻፈ ነው። «ምን ያህል» የሚለውን ቃል የምወደው ለዚህ ነው። «ይፈታል ወይስ አይፈታም?» ብንል ኖሮ መልሱ አንድ ቃል ይሆንና የልጁ ሐሳብ አይታይም።

ጊዜ ካለዎት፣ ወይም ክፍሉ ጠንከር ያለ ከሆነ፣ በአራተኛው ፋንታ ሌላ ጥያቄ መሞከር ይቻላል፦ «የጣሊያን መንግሥት ከኢትዮጵያ ምን ይፈልግ እንደነበር ለሚያጠና ሰው ምንጭ 2 ይጠቅማል?» ከላይ ወደዚህ እንመለሳለን ያልኩት ይህን ነው። ስለ መጀመሪያው ጥይት እጅግ የሚጠረጠረው ሰነድ ስለ ጣሊያን ፍላጎት ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ነው፤ የሐረር ገዥ በረሃ ድረስ ወርደው ይቅርታ እንዲሉና ባንዲራ እንዲከበር የጠየቀው ራሱ የጣሊያን መንግሥት ነውና። ባንዲራው በወልወል ይከበር ማለትም መሬቱን የጣሊያን ነው ብሎ ማስፈረም ነው፤ ስለዚህ የካሳ ጥያቄው ውስጥ የድንበር ጥያቄ ተሸሽጓል። «ያዳላል፣ ስለዚህ አይጠቅምም» የሚለውን ልማድ ከልጆቹ ለመንቀል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ከጥያቄ አቀራረብ አንጻር ግን አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ይህንና የክሊፎርድን ጥያቄ በአንድ ክፍለ ጊዜ አብረው አይስጡ። በ40 ደቂቃ ውስጥ ሁለቱንም የሚጨርስ ልጅ ጥቂት ነው፤ የቀሩት ሁለቱንም ያበላሻሉ።

የግልግል ዳኞቹን ውሳኔ በፈተናው ወረቀት ላይ አያስገቡት። ጉዳዩን ያዩት አምስት ዳኞች ነበሩ፤ ሁለቱን ኢትዮጵያ፣ ሁለቱን ጣሊያን መረጡ፤ አምስተኛው ግሪካዊው ኒኮላስ ፖሊቲስ ነበሩ። ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. በሙሉ ድምፅ የሰጡት ውሳኔ ለመጀመሪያው ጥይት ሁለቱም መንግሥታት ተጠያቂ አይደሉም የሚል ነበር። ይህ በወረቀቱ ላይ ካለ ተማሪው ሁሉ «ዳኞቹ ብለዋል» ብሎ ያርፋል። እኔ የታረመውን ወረቀት ስመልስ ነው የማነበው። ክፍሉ ይጮኻል፤ ድሬዳዋ ላይ ከሰዓት በኋላ በዚያ ሙቀት ያን ያህል የነቃ ክፍል ሌላ ቀን አያዩም። ሲበርድ፣ ዳኞቹ ምን እንዳይመረምሩ እንደተከለከሉ እነግራቸዋለሁ፤ የመንግሥታቱ ማኅበር ምክር ቤት ወልወል የማን መሬት እንደሆነ ከሥልጣናቸው ውጭ አድርጎባቸው ነበር። ማለትም ሁለቱ ምንጮች ከተጋጩባቸው ሁለት ነገሮች አንዱን ማየት አልተፈቀደላቸውም። ያኔ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ሁሉ ሳይቀር ይህ ውሳኔ ራሱ ራስጌው መነበብ ያለበት አራተኛ ምንጭ መሆኑን ያየዋል፤ ማን ጻፈው፣ ለማን፣ መቼ፣ በምን ገደብ። ከውሳኔው በኋላ ወር ገደማ ቆይቶ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር መረብን መሻገሩን ልጆቹ ራሳቸው ያስታውሳሉ፤ እኔ አላነሣውም።

ስለ 58ቱ ወረቀቶች፤ ለዚህ ዙር ሁሉንም እኩል አድርገው ይለፏቸው፤ ጥፋቱ የጥያቄው ነበር። በቀጣዩ ሳምንት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ብቻ፣ በእነዚሁ ምንጮች ላይ፣ ያለ ነጥብ ይስጧቸው። ሁለተኛውን ጥያቄ ከሦስት አንዱ ልጅ እንኳ ካልመለሰው ወደ ሦስተኛው አይለፉ፤ በሰሌዳው ላይ «ዝምታ» እና «ግጭት» ብለው ሁለት ዓምድ ያስምሩና የምንጮቹን ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ እያነበቡ ልጆቹ የትኛው ዓምድ ውስጥ እንደሚገባ ይንገሩዎት። «200,000 ማርትሬዛ ብር» የሚለው ላይ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፤ ፈጥነው አይፍረዱ።